ላይኩ አለ፣ አብሮ የሚሠራ ሰው የለም፦ ከዕለት ሥራ ተደጋጋሚ የፖስት ርዕስ መምረጥ

ጥያቄ፦ «የፓምፕና የሞተር ጥገና መሐንዲስ ነኝ። ሊንክድኢን ላይ በሳምንት ሦስት አራቴ እጽፋለሁ። ስለ ሙያው ዜና፣ ስለ ሥልጠና፣ አንዳንዴም የሚያነቃቃ ነገር። ላይክ አላጣም። እኔ የምፈልገው ግን የሰበሰብኳቸውን የንዝረት ንባቦች አብሮኝ የሚተነትን የዳታ ሰው ነው። ተመሳሳይ ማሽን የሚጠግን ሌላ መሐንዲስም ባገኝ ደስ ይለኛል። እስካሁን አንድም ሰው አልመጣም። የምጽፍበት ሰዓት ይሆን? ከዕለት ሥራዬስ ምኑን መርጬ ደጋግሜ ልጻፍ?»

ምላሽ፦ ሰዓቱን ይተዉት። ጥሩ ሰዓት ላይ የወጣ ፖስት ትንሽ ብዙ ሰው ሊያየው ይችላል። ያየው ሰው ግን ምን ያድርግ? የሙያ ዜና ላጋራ ሰው የሚሰጠው መልስ ላይክ ነው። የሚያነቃቃ ጽሑፍም ከዚያ የበለጠ አይጠይቅም። ሁለቱም አልቀው የቀረቡ ነገሮች ናቸው፤ አንባቢው ገብቶ የሚጨምርበት ቦታ የላቸውም። ስለዚህ ሰው ወዶት ያልፋል።

«ርዕሱ ሰፋ ሲል ብዙ ሰው ይመጣል» የሚለውም እዚህ አይሠራም። ለላይክ ከሆነ እውነት ነው። እርስዎ ግን የሚፈልጉት ሁለት ወይም ሦስት ሰው ነው። የዳታ ሰው ስለ «ዘመናዊ ጥገና ጠቀሜታ» ሲያነብ የራሱን ሥራ አያይበትም። የተዘበራረቀ የንባብ ሠንጠረዥ ሲያይ ግን ይቆማል፤ እንዲህ ዓይነት ጣጣ በየቀኑ ያጋጥመዋላ።

ብዙ ሰው ርዕስ ሲመርጥ የሚጀምረው «እኔ በደንብ የማውቀው ምንድን ነው?» ብሎ ነው። ተማሪ ለመሰብሰብ ጥሩ ጥያቄ ነው። አብሮ የሚሠራ ሰው ለማግኘት ግን ሥራዎ የት ላይ እንደሚቆም ነው መፈለግ ያለብዎት። የድርሻዎን ጨርሰው የቀረው የሌላ ሰው እጅ የሚፈልግበት ቦታ አለ። ርዕሱ ያለው እዚያ ነው። በደንብ የሚያውቁት ነገር ይቀራል ማለት አይደለም። ወደዚያ ቦታ የሚያደርሰው መንገድ እሱ ነው።

ቦታውን ለማግኘት ለሁለት ሳምንት ፖስት ማድረግዎን ያቁሙ። ከሥራ ሲወጡ አምስት ደቂቃ ወስደው የቀኑን ሥራ በአንድ ሁለት መስመር ይመዝግቡ። መጀመሪያ ምን እንደተፈጠረ፣ ቀጥሎ ምን እንዳደረጋችሁ፣ በመጨረሻም የት እንደቆማችሁ ይጻፉ። «ምን ቢኖረኝ ኖሮ እቀጥል ነበር?» የሚለው ነው ሦስተኛው። ሰው ሦስተኛውን መዝለል ይወዳል፤ ያልጨረሰውን ነገር መጻፍ ደስ አይልም። ግን ርዕሱ የሚወጣው ከእሱ ነው። የሌለበት ቀን ከሆነ ባዶ ይተዉት፤ ፈጥረው አይሙሉት።

የእርስዎ ዓይነት ሥራ ያለው ሰው መዝገብ እንዲህ ሊመስል ይችላል፦

«የተጠባባቂው ፓምፕ ኩሽኔታ፣ ፓምፑ በተነሣ በሦስተኛው ቀን ጮኸ። ፈታን። ቀለበቱ ላይ እኩል የተራራቁ ስርጉዶች አሉ። ቀየርነው። የቆምኩበት፦ ስንት ሳምንት ቢቆም እንደሚጎዳ የሚናገር መዝገብ የለኝም።»

«ሞተሩ ኩሽኔታ ተቀይሮለትም ንዝረቱ አልወረደም። የአንዱን እግር ብሎን ሳላላው ወረደ። ከሥሩ ቀጭን ቆርቆሮ አስገብተን አሰርነው። የቆምኩበት፦ ከዚህ በፊት እግራቸውን ሳናይ ኩሽኔታ የቀየርንላቸው ስንት እንደሆኑ አላውቅም።»

«ፓምፑ ጠጠር የሚፈጭ ይመስላል። የመሳቢያው ማጣሪያ ተደፍኖ ነበር። አጸዳን። የቆምኩበት፦ —»

«የመለዋወጫ መጠየቂያ ሞላሁ። የቆምኩበት፦ —»

«የወሩን ንባብ ከመለኪያው ወደ ኤክሴል ገለበጥኩ። የቆምኩበት፦ የማሽኖቹ ስም በየወሩ ስለተለያየ የአንዱን ታሪክ ለይቼ ማውጣት አልቻልኩም።»

አሁን እናጥራው። የመለዋወጫው መጠየቂያ ወዲያው ይወድቃል፤ ሥራ ቢሆንም ማንም የሚያነበው ነገር አይደለም። የተደፈነው ማጣሪያ ግን ያታልላል። ድምፁ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሔው ሁሉ አለ። ሲጻፍም ያምራል። መሐንዲስ ሁሉ «ልክ ነው» ብሎ ላይክ ያደርግልዎታል። ሦስተኛው ቦታ ግን ባዶ ነው፤ ነገሩ አልቋል። አንድ ቀን እንደ ትምህርት ሊጽፉት ይችላሉ እንጂ ተደጋጋሚ ርዕስ አያድርጉት። እስካሁን የጻፏቸው አብዛኞቹ ከዚህ ወገን ይመስሉኛል።

የተጠባባቂው ፓምፕ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እንዲህ ዓይነት ጉዳት እንዴት እንደሚመጣ በሙያው ይታወቃል። አንዱ ፓምፕ ሲሠራ ጎረቤቱ ይቆማል። የሚሠራው ንዝረት በመሠረቱና በቧንቧው በኩል ወደ ቆመው ይሻገራል። የቆመው ዘንግ ስለማይዞር በኩሽኔታው ውስጥ ያሉት ሮለሮች አንድ ቦታ ላይ ሆነው ይንቀጠቀጣሉ። ከሥራቸው ያለው ቅባት ይገፋል፤ ብረት ከብረት ይገናኝና ቀለበቱ እዚያው ላይ እየተበላ ይሄዳል። ለዚህ ነው ስርጉዶቹ ልክ እንደ ሮለሮቹ የሚራራቁት። የተለመደው መከላከያ ዘንጉን በየጊዜው በእጅ ማዞር ወይም ሁለቱን ፓምፖች እያፈራረቁ ማሠራት ነው። እስከዚህ ድረስ እርስዎም ያውቁታል። «ስንት ቀን መቆም ይበዛል?» ለሚለው ግን ለሁሉም የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም። እንደ ጎረቤቱ ንዝረት፣ እንደ ኩሽኔታው ዓይነት፣ እንደ ቅባቱ ይለያያል። ለመመለስ የሌሎች ሰዎች ፓምፖች ያስፈልጋሉ። እንግዲህ ሌላ መሐንዲስ የሚመጣበት ምክንያት ተገኘ።

የማሽኖቹ ስምና የእግሩ ብሎን ደግሞ አንድ ላይ ይሄዳሉ። የሁለቱም ችግር የአንድን ማሽን ንባብ ከጊዜ ወደ ጊዜ መከታተል አለመቻል ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ርዕስ «የአንድ ማሽን የንባብ ታሪክ» ይሁን። በየጊዜው አንድ ማሽን ያነሣሉ። ንባቡ ምን እንደሚል፣ መዝገቡ የት ላይ እንደሚበጠስ ያሳያሉ። የዳታ ሰው የሚመጣው በዚህ ነው።

ርዕሶቹን ከመቁረጥዎ በፊት አንድ ፈተና አለ። ቁጭ ይበሉና ካለፉት ስድስት ወራት ሥራዎ ለእያንዳንዱ ርዕስ ስድስት ጉዳይ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይዘርዝሩ። ሦስት ላይ ካለቀብዎት ያ ርዕስ አንድ ጥሩ ፖስት ነው እንጂ ተደጋጋሚ ርዕስ አይሆንም። ተደጋጋሚ ርዕስ ፈልገው የሚያመጡት ነገር አይደለም፤ ሥራው ራሱ ደግሞ ደጋግሞ ያመጣዋል። እየተጨነቁ የሚጽፉት ከሆነ በሁለተኛው ወር ይተዉታል።

ከሁለት ርዕስ አይለፉ። አንባቢ የእርስዎን ፖስት የሚያየው አልፎ አልፎ ነው። ሦስት ጊዜ ሲያይዎት «እኚህ ስለ ቆሙ ፓምፖች የሚጽፉት ሰው» ማለት መቻል አለበት። አንድ ቀን የሥልጠና ፎቶ፣ አንድ ቀን የበዓል መልካም ምኞት፣ አንድ ቀን ኩሽኔታ ከሆነ የሚያስታውስበት ነገር አያገኝም። በሳምንት አንዴ ይበቃል። ሁለቱን እያፈራረቁ ሲጽፉ እያንዳንዱ በወር ሁለት ጊዜ ይደርሰዋል። በየቀኑ ካልጻፍኩ እጠፋለሁ የሚለውን ስጋት አይስሙት።

አጻጻፉን በምሳሌ ላሳይዎት። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተቀመጡ ናቸው።

«ተጠባባቂ ፓምፕ። 11 ሳምንት ቆሞ በተነሣ በ3ኛው ቀን ኩሽኔታው ጮኸ።

ስንፈታው የውጪው ቀለበት ላይ ትንንሽ ስርጉዶች አገኘን። የሚራራቁት ልክ እንደ ሮለሮቹ ነው። ቅባቱ አልደረቀም። ውሃም አልገባበትም። ዘንጉ ቆሞ እያለ የጎረቤቱ ፓምፕ ንዝረት እንደበላው እገምታለሁ።

ኩሽኔታውን ቀየርን። ከእንግዲህ ዘንጉ በየሳምንቱ በእጅ እንዲዞር ተስማምተናል።

ያልመለስኩት፦ በየሳምንቱ ማዞር ይበቃል ወይስ ያንሳል? የጎረቤቱን ንዝረት ከቆመበት ጊዜ ጋር ያስተያየ መዝገብ የለኝም።

ተጠባባቂ ፓምፕ ያላችሁ፦ የእናንተ ስንት ሳምንት ይቆማል? ለመጨረሻ ጊዜ ኩሽኔታው የተቀየረው ፓምፑ ከተነሣ በስንት ቀኑ ነው? ሁለቱን ቁጥር ብቻ ጻፉልኝ። ሰብስቤ እዚሁ አወጣዋለሁ።»

የመጀመሪያዋን መስመር ይመልከቱ። ሊንክድኢን አንድ ፖስት እስከ 3,000 ፊደልና ምልክት ድረስ ይቀበላል። አንባቢው ግን ቀሪውን ለመክፈት ካልነካው በቀር የሚታየው የላይኞቹ ጥቂት መስመሮች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ማሽኑና ያልተጠበቀው ነገር እዚያ መኖር አለባቸው። «ውድ ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ ኩሽኔታ ጥቂት ላካፍላችሁ» ብለው ከጀመሩ ያቺን ቦታ በሰላምታ ጨረሷት።

«ቅባቱ አልደረቀም። ውሃም አልገባበትም።» የሚሉት ሁለት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ትንሽ ይመስላሉ። ሥራ የሚያውቅ ሰው ግን ቆም ብሎ የሚያነበው እነሱን ነው። ሌላውን ምክንያት አይተው እንደጣሉት ይነግሩታል። ካልተስማማም የሚከራከርበት ቦታ ያገኛል። «እገምታለሁ» የሚለውም መቅረት የለበትም። እርግጠኛ ላልሆኑበት ነገር እርግጠኛ መስለው ከጻፉ፣ የተሻለ የሚያውቀው ሰው ወይ ዝም ብሎ ያልፋል ወይ ሊያርምዎት ይመጣል። ሁለቱም አብሮ መሥራት አይደለም።

«ያልመለስኩት» የሚለው ክፍል ሁልጊዜ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ስም ይምጣ። አንባቢ ይለምደዋል። ጥያቄው ግን የእውነት ይሁን። መልሱን እያወቁ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብሎ መጨረስ ያስታውቃል፤ ሰው ይሰለቸዋል። እውነተኛ ጥያቄ የሌለበት ሳምንት ከሆነ ዝለሉት።

ከሁሉ የሚበላሸው የመጨረሻው መስመር ነው። «አብሮኝ መሥራት የሚፈልግ ኢንቦክስ ያድርግልኝ» ለማያውቅዎት ሰው ከባድ ጥያቄ ነው። ምን እንደሚሠራ አያውቅም። ስንት ሰዓት እንደሚወስድበት አያውቅም። ሁለት ቁጥር መጻፍ ግን አንድ ደቂቃ ነው። ትንሹን ያደረገ ሰው ትልቁን ለማድረግ ይቀርባል። ደግሞም ቃል ገብተዋል፤ «ሰብስቤ አወጣዋለሁ» ካሉ ያውጡት። አምስት ሰው ብቻ ቢመልስም አምስቱን በትንሽ ሠንጠረዥ አድርገው፣ የመላሾቹን ስም ፈቃዳቸውን ጠይቀው አመስግነው ይልቀቁት። ይቺ ሠንጠረዥ ከሁሉ ፖስቶችዎ የበለጠ ትሠራለች። የዳታ ሰው ሠንጠረዥ ሲያይ እጁን ያሳክከዋል።

ሁለተኛው ርዕስ ላይ ጥያቄው ለዳታ ሰው በሚገባው መልክ ይቅረብ። በሰከንድ ይህን ያህል ሚሊሜትር የሚለው የንዝረት ልክ ለእሱ ምንም አይነግረውም። «አንድ ማሽን፣ 12 ወር፣ ሦስት ስም» ቢሉት ግን ገባው። ከሠንጠረዡ ጥቂት ረድፎችን ቆርጠው ያሳዩ። አንዱ ወር ላይ `P-03`፣ ሌላው ላይ `P3`፣ ኩሽኔታው ከተቀየረ በኋላ ደግሞ `Pump 3 new` ተብሎ የተጻፈበት። ከዚያ «እንዲህ ዓይነት ስሞችን አንድ ማድረግ የለመደ ሰው ከየት እንደምጀምር ይንገረኝ» ይበሉ። ሦስተኛው ስም ጥሩ ጥያቄ አለበት፤ የተቀየረው ኩሽኔታው ብቻ ነው ወይስ ፓምፑ ራሱ? ይህን ጥያቄ ኮመንት ላይ ያነሣ ሰው ካገኙ የሚፈልጉትን ሰው አግኝተዋል ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ጥንቃቄው። ንባቡም ጉዳቱም የአሠሪዎ ነው። ከመጀመሪያው ፖስት በፊት በጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቁ። እዚህ ላይ ተደጋጋሚ ርዕስ ያለው ሰው ነገሩ ይቀለዋል። ለእያንዳንዱ ፖስት ከመለመን ይልቅ አንዴ ለርዕሱ ይጠይቃሉ። «የቆሙ ፓምፖች የኩሽኔታ ጉዳት፤ የድርጅቱ ስም፣ ቦታው፣ የምርት መጠኑ አይጠቀስም፤ ሁሉም ከተከሰተ ከወር በኋላ ይወጣል» ብለው ቢጽፉ አለቃዎ ምን እየፈቀደ እንደሆነ ያውቃል። የወሩ ነገር አስፈላጊ ነው። ማሽን በቆመበት ቀን የወጣ ፖስት ለደንበኛም ለተፎካካሪም ዜና ነው።

ፎቶ ላይ የማሽኑ ስም ሰሌዳ፣ የመለያ ቁጥሩ፣ ከኋላ ያለው የመቆጣጠሪያ ስክሪን ሊታይ ይችላል። የተሰበረውን ዕቃ ብቻ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠው ከላይ ያንሱት። ይሻላል፤ ደግሞም ጉዳቱ በደንብ ይታያል። ዋናውን የፎቶ ፋይል ለሰው በኢሜይል ሲልኩም ያስቡበት፤ የተነሣበት ቦታ በፋይሉ ውስጥ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ማን እንዳሰረው፣ ማን እንደዘነጋው አይጻፉ። ስም ባይጠሩም የሥራ ባልደረባዎ ራሱን ያውቃል። በዋስትና ወይም በአደጋ ምክንያት ክርክር ላይ ያለ ጉዳት ደግሞ ፈጽሞ አይነካ።

አሠሪዎ «አይሆንም» ካለ ርዕሱ ይቀየራል። ስለ ጉዳቱ ሳይሆን ስለ አሠራሩ ይጽፋሉ። ለምሳሌ የሞተር እግር በትክክል መቀመጡን ብሎን እያላሉ እንዴት እንደሚፈትሹ። ይሄ ሊፈቀድ ይችላል። ግን የሚስበው ሰው ያነሰ እንደሚሆን አስቀድመው ይወቁ። ያልተመለሰ ጥያቄ የሚገኘው ከእውነተኛ ጉዳይ ላይ ነው።

ሥራ እየሠራ መሆኑን በላይክ አይለኩ። ሊንክድኢን በፖስትዎ ስታቲስቲክስ ውስጥ ያዩት ሰዎች በምን የሥራ መደብ ላይ እንዳሉ ያሳያል። ስንት ሰው እንዳየው ሳይሆን እነማን እንዳዩት እዚያ ይመልከቱ። ኮመንቶቹንም ይለዩ። «በርቱ» የሚለው ደግ ቃል ነው፤ አይቆጠርም። «እኛም ጋ እንዲህ ሆኖ ነበር» የሚለው ይቆጠራል። «ቅባቱን ቀይራችሁ ሞክራችኋል?» ወይም «ሙሉውን ንባብ ማየት ይቻላል?» የሚለው ደግሞ የሚፈልጉት ነው። ይህን የጻፈ ሰው ሥራውን ጀምሯል።

ስምንት ፖስት እስኪሞላ አይፍረዱ። ሁለት ወር ገደማ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ችግሩ የት እንዳለ ከምልክቱ ይታወቃል። በሁለተኛው ርዕስ ላይ የመጡት መሐንዲሶች ብቻ ከሆኑ ርዕሱን አይጣሉት። ፖስትዎን አስቀድመው የሚያዩት ከእርስዎ ጋር የተገናኙ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ መሐንዲሶች ናቸው። የዳታ ሰዎች ወደሚጽፉበት ሄደው፣ ስለ ተዘበራረቀ መዝገብ የጻፈ ሰው ሥር ገብተው የራስዎን የሦስት ስም ታሪክ በሁለት መስመር ይንገሩ። ሊንክ አይለጥፉ። ነገሩ የገባው ሰው ፕሮፋይልዎን ራሱ ይከፍታል።

ሰዎች ፕሮፋይልዎን እያዩ ማንም የማይጽፍልዎት ከሆነ ደግሞ ከስምዎ ሥር ያለውን መስመር ይፈትሹ። 220 ፊደል ይይዛል። «ለለውጥ የሚተጋ፣ በቡድን ሥራ የሚያምን ባለሙያ» የሚል ከሆነ ከፖስቱ የመጣው ሰው የተሳሳተ ቤት የገባ ይመስለዋል። «የፓምፕና የሞተር ጥገና። የቆሙ ማሽኖችን ጉዳትና የንዝረት ንባብ እከታተላለሁ» ብለው ይቀይሩት። ያቺን የአምስት ሰው ሠንጠረዥ ደግሞ ፕሮፋይሉ ላይ ተመርጠው በሚታዩት ሥራዎች ውስጥ ያስቀምጧት።

ኮመንት የሚመጣው «እኛም ጋ» ብቻ ሆኖ ከዚያ የማያልፍ ከሆነ ችግሩ ጥያቄው ላይ ነው። ወይ በጣም ትልቅ ነው፣ ወይ ግልጽ አይደለም። ያነሰ ነገር ይጠይቁ።

ሰው መምጣት ሲጀምር ሁሉም የሚፈልጉት አይሆንም። የመለኪያ ዕቃ የሚሸጥ ይመጣል። «ሙሉውን ዳታ ላኩልኝ፣ አየዋለሁ» የሚልም ይመጣል። ለማንም ሙሉ ፋይል አይስጡ። የመጀመሪያው ሥራ አንድ ማሽን፣ አንድ ጥያቄ፣ ሁለት ሳምንት ይሁን። በመጨረሻ ምን እንደሚወጣና በማን ስም እንደሚወጣ በኢሜይል ይጻፉት። ይህን ትንሽ ነገር በሰዓቱ ያላደረሰ ሰው ትልቁንም አያደርስም።

ምክሬ ይሄ ነው። ዜናውንና የሚያነቃቃውን ሙሉ በሙሉ ያቁሙ። የሁለት ሳምንቱን መዝገብ ዛሬ ማታ ይጀምሩ። ፈቃዱ እንደተገኘ በቆሙት ፓምፖች ይክፈቱ። የንባቡን ታሪክ ከዚያ ቀጥሎ ያምጡት፤ የዳታ ሰው የሚያየው ነገር የሚኖረው መሐንዲሶቹ ቁጥር ከሰጡዎት በኋላ ነው።

ፖስት ብቻውን የማያደርገው ነገርም አለ። የሚፈልጉት ሰው ያን ሳምንት ላይገባ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፖስት በወጣ ማግስት ጉዳዩ በቀጥታ የሚነካቸውን አንድ ሁለት ሰዎች ፈልገው ይጻፉላቸው። ረጅም መግቢያ አያስፈልግም። «ስለ ተጠባባቂ ፓምፖች የጻፉትን አይቻለሁ። እኔም ትናንት አንድ ጉዳይ አውጥቻለሁ። የእናንተ ፓምፕ ስንት ሳምንት እንደሚቆም ቢነግሩኝ ሠንጠረዡ ላይ አስገባዋለሁ» ብለው ሊንኩን ያያይዙ። ካልመለሱ ደግመው አይጻፉ፤ ሠንጠረዡ ሲወጣ ግን አንዴ ይላኩላቸው።